የምጣድ ሶኬት ሲሞቅና ሲጠቁር፦ መንስኤውን የመለየትና የማስተካከል መመሪያ

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሰካበት የግድግዳ ሶኬት ሽፋኑ ሲቀላ ወይም ሲጠቁር፣ የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልጣለም?» ብሎ ነው። ብሬከር የሚቆርጠው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከልኩ ሲበልጥ ነው። ከላላ ብሎን ሥር ወይም ከላላ የሶኬት ቀዳዳ ውስጥ የሚፈጠረውን ሙቀት ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ መላላት ፍሰቱን አይጨምርምና። ስለዚህ ብሬከሩ ሳይጥል ሶኬቱ ሊቃጠል ይችላል፤ አለመጣሉም መስመሩ ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ መመሪያ በአገራችን ቤቶች ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመውን አንድ ሁኔታ ይዞ ይሄዳል፦ በ220 ቮልት መስመር ላይ፣ በ16 አምፔር ብሬከርና ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የተዘረጋ የወጥ ቤት ሶኬት፣ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ተሰክቶበት። 3,500 ለ220 ሲካፈል 15.9 አምፔር ይሆናል። በዚያው መስመር ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ሲጨመር ወደ 16.6 አምፔር ይጠጋል። ሶኬቱም ሆነ ብሬከሩ 16 አምፔር የተጻፈባቸው በመሆኑ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር መስመሩ ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይሠራል ማለት ነው።

ብሬከሩ በዚህ ልክ አይጥልም። ለቤት አገልግሎት የሚመረቱ ብሬከሮች የተጻፈባቸውን መጠን 1.13 ጊዜ እጥፍ፣ ማለትም በ16 አምፔሩ ላይ 18 አምፔር ያህል፣ ለአንድ ሰዓት ሳይጥሉ እንዲሸከሙ፣ 1.45 ጊዜ እጥፍ ሲደርስ ደግሞ፣ ማለትም 23 አምፔር ገደማ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጥሉ ሆነው ይሠራሉ። የእኛ 16.6 አምፔር ከሁለቱም በታች ነው። በሌላ በኩል 2,000 ዋት የሚወስድ የውኃ ማፍያ በአጠገቡ ቢሰካ ድምሩ 25 አምፔር ስለሚያልፍ ብሬከሩ ጥቂት ቆይቶ ይጥላል፤ ያ ትክክለኛ ሥራው ነው።

፩. አስቀድሞ ኃይሉን ማቋረጥ

ሶኬቱ ሲነካ የሚያቃጥል፣ የሚንጫጫ፣ የሚጨስ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ወንዴውን ሶኬት ለመንቀል አይሞክሩ። ምጣዱ እየሠራ ሲነቀል በላላው ቦታ ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ በሙቀት የለሰለሰው የሶኬት አካልም ከእግሮቹ ጋር ተያይዞ ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያ ወደ ብሬከሩ ሄደው ያጥፉ፤ የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆኑ ዋናውን ያጥፉ፤ ከዚያ በኋላ ይንቀሉ። እሳት ከተነሳ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ውኃ አይደፋበትም።

አንዳንድ ጊዜ ሽታው ከመጥቆሩ በፊት ይመጣል። ጠንካራና ሲመታ ድምፅ የሚሰጥ ፕላስቲክ የተሠራባቸው ነጭ ሽፋኖች ሲግሉ የዓሣ ሽታ የሚመስል ነገር ያወጣሉ። ዓሣ ባልተሠራበት ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ሽታ በጋገራ ሰዓት ከመጣ ሶኬቱን መፈተሽ ይገባል።

፪. ምልክቱን ማንበብ

ኃይሉ ከጠፋና ሶኬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ምንም ሳይፈቱ በደንብ በሚያበራ ባትሪ ሽፋኑንና ወንዴውን ጎን ለጎን ይመልከቱ። ብዙ ሰዎች ወደ መፍታት ይቸኩላሉ፤ በእኔ ግምት ግን ከምርመራው ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሽፋኑ በሙቀት መቀየሩን ያረጋግጡ። ፀሐይ ወይም ዕድሜ ያመጣው ቢጫነት በሽፋኑ ሁሉ ላይ እኩል የተሰራጨ ሲሆን፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት ማጥፊያም ተመሳሳይ ቀለም ይኖረዋል። የዘይትና የጭስ እድፍ በሳሙና በረጠበ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል (ጨርቁ በደንብ የተጨመቀ፣ ብሬከሩም የጠፋ መሆን አለበት)። የሙቀት ምልክት ግን አንድ መነሻ አለው፤ ከአንድ ነጥብ ላይ ጠቁሮ ወይም ቀልቶ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል፣ ሲታጠብም አይለቅም፤ ፕላስቲኩም በዚያ ቦታ ላይ አብጦ፣ ተሰንጥቆ ወይም ቀልጦ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ መነሻው የት እንደሆነ ይለዩ። ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ ብቻ በዙሪያው ጠቁሮ፣ የወንዴውም አንድ እግር ብቻ ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይዞ ከተገኘ፣ ችግሩ የመላላት ነው። በሁለቱም እግሮች የሚያልፈው ፍሰት አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ጭነቱ ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጎን በእኩል ይሞቅ ነበር። አንዱ ተለይቶ መቃጠሉ በዚያ በኩል ያለው መገናኛ ከሌላው የባሰ መሆኑን ያሳያል። ሁለቱም ቀዳዳዎች በእኩል ቀልተው፣ ወንዴውና ገመዱም ርዝመቱን ሙሉ ሞቀው ከነበረ ግን ወደ ጭነት መብዛት ወይም ወደ ገመዱ መቅጠን ያመዘናል። የገመዱን ሙቀት መለየት ቀላል ነው፤ ከሶኬቱ አንድ ሜትር ርቆ ያለው የገመድ ክፍል በጋገራ ሰዓት በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ ሽቦው ራሱ ለምጣዱ ቀጥኗል። ሙቀቱ በወንዴው ዙሪያ ብቻ ተወስኖ ገመዱ የቀዘቀዘ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ያለው መገናኛው ላይ ነው።

የመጥቆሩ መነሻ ከቀዳዳዎቹ ርቆ፣ በሽፋኑ ጠርዝ ወይም መሐል ላይ ሲሆን ሙቀቱ የመጣው ከበስተኋላ፣ ሽቦው ከታሰረበት ብሎን ነው። ከሁሉም ይልቅ ሰውን ግራ የሚያጋባው ግን ምንም ሳይሰካበት የሚሞቅ ሶኬት ነው። በብዙ ቤቶች ሽቦው ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው እየተቀጠለ ስለሚሄድ፣ ሳሎን ውስጥ የተሰካው ምድጃ ፍሰት በወጥ ቤቱ ሶኬት ብሎኖች ላይ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ባዶ ሶኬት ከሞቀ እንግዲህ ራሱ ላይ የተሰካ ነገር ባይኖርም ለሌሎች የሚያስተላልፈው ብሎን ላልቷል ማለት ነው፤ መፈተሽ ያለበትም እሱ እንጂ ምድጃው የተሰካበት አይደለም።

፫. በመስመሩ ላይ ያለውን ጭነት መደመር

ብሬከሩን አጥፍተው በቤቱ ውስጥ የትኞቹ ሶኬቶች እንደሞቱ አንድ በአንድ የስልክ ቻርጀር እየሰኩ ይመዝግቡ። አብረው የሞቱት ሁሉ የአንድ መስመር ናቸው። ከዚያ በጋገራ ሰዓት በእነዚህ ላይ አብረው የሚሠሩትን ዕቃዎች ዋት ከጀርባቸው ከተለጠፈው ጽሑፍ አንብበው ይደምሩና ለ220 ያካፍሉ። ምጣዱ ላይ ጽሑፍ ከሌለ፣ በቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ምጣዶች ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ስለሚወስዱ 4,000 ብሎ ማስላት ይሻላል፤ ይህም 18.2 አምፔር ነው፣ ማለትም ለብቻው ከ16 አምፔር ሶኬት አቅም በላይ ነው።

ምጣዱ በዲቫይደር በኩል የሚሰካ ከሆነ ስሌቱን እዚህ ላይ ያቁሙ። ዲቫይደሮች አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ወይም ቢበዛ ለ16 አምፔር የተሠሩ ናቸው፤ የርካሾቹ ሽቦ ከላይ በወፍራም ላስቲክ ቢሸፈንም ውስጡ ቀጭን ነው። ምጣድ በዲቫይደር ፈጽሞ አይሰካም።

፬. ሶኬቱን መክፈት

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ከኤሌክትሪክ ጋር ልምድ የሌለው ሰው ለባለሙያ ቢተወው ይመረጣል፤ ነገር ግን ባለሙያው የሚያደርገውን ማወቅ የቤቱን ባለቤት ይጠቅማል።

ብሬከሩ ጠፍቶ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው በናስትሮ ይታሸጋል። ከዚያ መልቲሜትሩ መጀመሪያ በሚሠራ ሌላ ሶኬት ላይ ይሞከራል፣ ቀጥሎ በተበላሸው ላይ፣ በመጨረሻም እንደገና በሚሠራው ላይ፤ ያለዚህ «ዜሮ» የሚል ንባብ የመሣሪያው ባትሪ ማለቅ ሊሆን ይችላል። የሚለካውም በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከመሬት ሽቦው መገናኛ ጋር ለየብቻ ይለካል። በአንዳንድ ቤቶች ብሬከሩ ኃይል የሚያመጣውን ፌዝ በመቁረጥ ፈንታ በስህተት የመመለሻውን ሽቦ፣ ኒውትራሉን፣ እንዲቆርጥ ሆኖ ስለሚታሰር፣ ቢጠፋም ፌዙ ሶኬቱ ላይ ይቀራል። በእጅ ጣት የሚነካው የፌዝ ቴስተር ለፈጣን ፍተሻ ይጠቅማል፤ ኃይል አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም።

ሽፋኑ ሲፈታና ሶኬቱ ከእስካቶላው ወጣ ሲል፣ ብሎኑን ከመንካትዎ በፊት ያለውን ይመልከቱ፤ ከተቻለም ፎቶ ያንሱ። ጤናማ ሽቦ ጫፉ የመዳብ ቀለም አለው፣ ላስቲኩም ሲታጠፍ ይታጠፋል። የተቃጠለው ጫፉ ጠቁሮ፣ ላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ሲታጠፍ ይሰባበራል። እያንዳንዱን ሽቦ ይዘው በልክ ይሳቡት፤ የሚንቀሳቀስ ካለ ጥፋቱ ተገኘ። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ብሎኑን በካቻቢቴ ይሞክሩት፤ ያለ ጉልበት ግማሽ ዙር የሚዞር ብሎን ጥብቅ አልነበረም።

ለመላላቱ ከሚገኙት ምክንያቶች ሦስቱ ደጋግመው ይታያሉ። አንዱ፣ ብሎኑ መዳቡን በመጫን ፈንታ ላስቲኩን መጫኑ ነው፤ ሽቦው በትክክል ስላልተላጠ መዳቡ የሚነካው በጠርዙ ብቻ ይሆናል። ሌላው፣ ውፍረታቸው የተለያዩ ሁለት ሽቦዎች በአንድ ብሎን ሥር መታሰራቸው ነው፤ ብሎኑ ወፍራሙን ሲይዝ ቀጭኑ ልል ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው የጋገራው ባሕርይ ራሱ ነው፤ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር መዳቡ ሞቆ ይለጠጣል፣ ሲነቀል ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ ይህም ወራት ሲቆይ በመጠኑ ጠብቆ የነበረውን ብሎን ያላላዋል። የላላው ቦታ የበለጠ ይሞቃል፣ የሞቀው መዳብ ይዝጋል፣ ዝገቱ ደግሞ ፍሰቱን ስለሚያግድ ሙቀቱን ያባብሰዋል።

ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። የላላው መገናኛ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት ከ25 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል፤ ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ከሚወስደው ኃይል ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ሙሉው የሚያርፈው በአንዲት የብሎን ጫፍ ላይ፣ አየር በማያገኝ ሳጥን ውስጥ ነው። በአንጻሩ ምጣዱ የሚያጣው 1.6 ቮልት ብቻ ነው። እንጀራው እንደወትሮው ይበስላል፣ አምፖሉም አይደበዝዝም። የከተማችን ቮልቴጅ ደግሞ በራሱ ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ቮልት በመለካት ብቻ ይህን ዓይነት ጥፋት መያዝ አይቻልም። ከቮልቱ ይልቅ የሚታመነው ሙቀቱ ነው።

በያዝነው ሁኔታ ሶኬቱ ሲከፈት የሚገኘው ይህን ይመስላል፦ በፊት ለፊት የግራው ቀዳዳ ብቻ ጠቁሯል፤ በጀርባ በዚያው ቀዳዳ ብሎን ሥር ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ከብሬከሩ የመጣው፣ ሌላው ወደ ሳሎን የሚቀጥለው። ወደ ሳሎን የሚሄደው ሲሳብ አይንቀሳቀስም፤ ከብሬከሩ የመጣው ግን ይንሸራተታል፣ ላስቲኩም ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቡናማ ሆኗል። የምጣዱም የማቀዝቀዣውም የሳሎኑም ፍሰት በሙሉ የሚገባው በዚህ ሽቦ በመሆኑ፣ ከሁለቱ እሱ መቃጠሉ የሚጠበቅ ነው።

፭. ማስተካከል

የጠቆረ ሶኬት ብሎኑ ተጠብቆ ወደ ቦታው አይመለስም። በውስጡ የወንዴውን እግር ጨብጠው የሚይዙት የናስ ምላሶች አንዴ ከጋሉ የመጨበጥ ኃይላቸው ስለሚጠፋ፣ ብሎኑ ቢጠብቅም ቀዳዳው ልል ሆኖ ይቀራል። አሸዋ ወረቀት ማሸትም ለጥቂት ቀን እንጂ አይዘልቅም። አዲስ ሶኬት ይገዛል፤ 16 አምፔርና 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለው፣ ወንዴው ሲገባ የሚያስገድድ፣ ሲወጣም የሚይዝ ይመረጣል። የሁሉንም አገር ሶኬት እንዲቀበል ሆኖ የተሠራው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ክብ እግሮችን በሙሉ ገጻቸው ስለማይጨብጥ ለምጣድ አይሆንም።

የምጣዱም ወንዴ አብሮ ይቀየራል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሲሆን አዲሱ ሶኬት በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና የሚቃጠልበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው፤ የጠቆረና ገጹ የሻከረ እግር አዲሱንም የናስ ምላስ ያግለዋል። ወንዴው ሲከፈት በውስጡ ያሉት ብሎኖችም ብዙውን ጊዜ ላልተው ይገኛሉ።

የሽቦው የተቃጠለ ክፍል መዳቡ አብርቶ፣ ላስቲኩም ለስላሳ ሆኖ እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይጣላል። የተረፈው ሽቦ ካጠረ እየጎተቱ አያስሩት፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ በብሎን ወይም በስፕሪንግ በሚይዝ የሽቦ ማያያዣ ይቀጠላል፣ በመጠምዘዝና በናስትሮ ብቻ አይደለም። ወደ ሳሎን የሚቀጥለውም ሽቦ ከዚህ በኋላ በሶኬቱ ብሎን ላይ ባያልፍ ይሻላል። ከብሬከሩ የመጣው፣ ወደ ሳሎን የሚሄደውና ወደ ሶኬቱ የሚገባ አጭር ቁራጭ፣ ሦስቱ በእስካቶላው ውስጥ በማያያዣ ይገናኛሉ፤ በሶኬቱ ብሎን ሥር አንድ ሽቦ ብቻ ይቀራል። ጫፉ የሚላጠው በሶኬቱ ጀርባ ላይ በተመለከተው ልክ ነው። መዳቡ እስከ ብሎኑ ወሰን ይገባል፣ ላስቲኩ ግን ከብሎኑ ሥር አይገባም። ብሎኑ ይጠበቃል፣ ሽቦው ይሳባል፣ ብሎኑ እንደገና ይሞከራል። የመሬት ሽቦውም ሳይረሳ ይታሰራል፤ ብረታ ብረት የበዛበት ምጣድ ያለ እሱ አደገኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ብሬከሩ ስለጣለ በ32 አምፔር አይተካም። በግድግዳው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ሽቦ አልተቀየረምና፣ ከዚያ ወዲያ ሽቦው በፕላስተሩ ውስጥ ሲግል የሚያስቆመው ነገር አይኖርም። ብሬከሩ ደጋግሞ የሚጥል ከሆነ ትክክለኛው መፍትሔ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ የራሱ መስመር መዘርጋት ነው። እንደ ርቀቱና እንደ አዘረጋጉ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ይመረጥለታል፤ ይህን የሚወስነው ባለሙያው ነው። በ16 አምፔር ሶኬት ፈንታም በቋሚ ማገናኛና ማጥፊያ ቢያያዝ መልካም ነው። ኪራይ ቤት ውስጥ ከሆኑ የተቃጠለውን ሶኬትና ያነሱትን ፎቶ ይዘው አከራዩን ያነጋግሩ። እስከዚያው ድረስ ምጣዱ ሲሠራ የውኃ ማፍያውና ምድጃው በዚያ መስመር ላይ አይሰኩም።

ባለሙያ ሳይጠሩ ሥራው የማይቀጥልባቸው ሁኔታዎችም አሉ። የሽቦው ላስቲክ እስከ ቱቦው ውስጥ ድረስ የሚሰባበር ከሆነ፣ ሽቦው እንደ መዳብ ሳይሆን እንደ ብር የነጣ አሉሚኒየም ከሆነ፣ የብሬከር ሳጥኑ ራሱ ከሞቀ፣ ወይም ምጣዱ ሲሰካ በሌላ ክፍል ያለው አምፖል ከመደብዘዝ ይልቅ ደምቆ ከበራ ያቁሙ። የመጨረሻው ምልክት የኒውትራሉ መላላት ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ፣ ጎረቤትም ተመሳሳይ ነገር ካየ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ያሳውቁ።

፮. መፈተን

ኃይሉ ተመልሶ ምጣዱ ብቻውን ለግማሽ ሰዓት ይሠራል። ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ሽፋኑ ላይ ያሳርፉ። ለብ ያለ ሙቀት በዚህ ጭነት የሚጠበቅ ነው። እጅ ማቆየት የማይቻል ከሆነ ግን ብሬከሩን አጥፍተው ወደ አራተኛው ደረጃ ይመለሱ። ብሬከሩን ካጠፉና ምጣዱን ከነቀሉ በኋላ ሁለቱን እግሮች በየተራ ይዳስሱ፤ ሙቀታቸው እኩል መሆን አለበት፣ አንዱ ለይቶ ከሞቀ በዚያ በኩል ገና ያልጠበቀ ነገር አለ። ብሎኖቹ ከጥቂት ጋገራ በኋላ፣ ኃይሉ ጠፍቶና ተለክቶ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ይሞከራሉ፤ በተለይ ሽቦው ባለ ብዙ ክር ከሆነ ክሮቹ ተጨፍልቀው ስለሚረጉ ብሎኑ ትንሽ ይዞራል።

በመጨረሻም ከወጥ ቤቱ ሶኬት በፊት፣ በብሬከሩና በእሱ መካከል ያለው ሶኬት ካለ እሱም ይከፈታል። የምጣዱ ፍሰት ለዓመታት ያለፈው በእሱም ብሎኖች ላይ ነው፤ በዚያው እጅና በዚያው ቀን ታስሮ ከሆነ ደግሞ እንደዚያው ላልቶ ሊገኝ ይችላል።